ጎብኚን ሳያሳድዱ ማስታወስ፦ ሊስቱ ስንት ቀን፣ ማስታወቂያው ስንት ጊዜ?

«የቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ በድረ ገጽ እንሸጣለን። በቀን 200 ገደማ አዲስ ሰው የምርት ገጻችንን ያያል። ያየውን ሁሉ በ180 ቀን ሊስት አስገብተን ማስታወቂያችንን መልሰን እያሳየነው፣ ማለትም ሪታርጌቲንግ እየሠራን ነው። ባለፈው ወር ማስታወቂያው 9,000 ሰው ጋ ደርሶ 126,000 ጊዜ ታይቷል፤ ፍሪኩዌንሲው 14 ይላል። ሰዎች ‹የትም ብሄድ ማስታወቂያችሁ ይከተለኛል› ብለው ይጽፉልናል፣ የገዙት ሳይቀሩ። ሊስቱን ስንት ቀን፣ ማስታወቂያውን ስንት ጊዜ እናድርገው?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ሊስቱን ከ180 ቀን ወደ 14 ቀን አውርዱት። አንድ ሰው በእነዚህ 14 ቀናት ማስታወቂያችሁን ቢበዛ 12 ጊዜ ይየው፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይሁን። ቁጥሮቹን ከየት እንዳመጣኋቸው ከታች አሳያችኋለሁ፤ የእናንተ ትክክለኛ ቁጥር 10 ቀንም 20 ቀንም ሊሆን ስለሚችል ስሌቱን ራሳችሁ ብትሠሩት ይሻላል።

ቅደም ተከተሉን ግን አትቀይሩት። መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ የድግግሞሽ ጣሪያው፣ መጨረሻ በጀቱ። ቅሬታ ሲመጣ አብዛኛው ሰው ቶሎ ብሎ የሚነካው ጣሪያውን ነው። «በቀን አንዴ ብቻ ይታይ» ይልና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በቀን አንዴ ሲባል ጨዋነት ይመስላል። ሊስቱ 180 ቀን ከሆነ ግን በቀን አንዴ ማለት እስከ 180 ጊዜ ማለት ነው። አንዴ ወንበር አይቶ ለወጣ ሰው፣ ስድስት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ። ሰው የሚማረረው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ስላየው ብቻ አይደለም፤ ረስቶት የነበረ ነገር፣ ምናልባትም ከሌላ ቦታ የገዛው ነገር፣ ከወር በኋላም ፊቱ ላይ ሲደቀንበት ነው።

180 የሚለው ቁጥር የመጣው ከደንበኞቻችሁ አይመስለኝም። ሜታ፣ ማለትም ፌስቡክና ኢንስታግራም፣ የድረ ገጽ ጎብኚን በሊስት ለማቆየት የሚፈቅደው ትልቁ ቁጥር 180 ቀን ነው። ጉግል ደግሞ እስከ 540 ቀን ይፈቅዳል፣ ምንም ካልነካችሁት 30 ቀን ያደርገዋል። እነዚህ መድረኮቹ የሚፈቅዱት ልክ ናቸው። ስለ ወንበር ገዢ የሚናገሩት ነገር የለም።

ስለ ወንበር ገዢ የሚናገረው የራሳችሁ የሽያጭ መዝገብ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሰው የምርት ገጹን ካየ በኋላ እስኪገዛ ስንት ቀን ይወስድበታል? ጉግል አድስ ላይ የካምፔን ሪፖርቱን ከፍታችሁ `Segment`፣ ከዚያ `Conversions`፣ ከዚያ `Days to conversion` ብትመርጡ ሽያጩን በቀን ከፋፍሎ ያሳያችኋል። ይህ ሪፖርት የሚቆጥረው ማስታወቂያው ክሊክ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ መሆኑን አትርሱ። አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ሪታርጌቲንግ ካምፔኑን ከሪፖርቱ አውጡት። እሱ ራሱ ዘግይተው የሚገዙ ሰዎችን ክሊክ ወደ ራሱ ስለሚወስድ ስዕሉን ያዛባዋል። አዲስ ሰው የሚያመጡትን ካምፔኖች ብቻ ተመልከቱ።

እንበልና ባለፉት ሦስት ወራት 120 ሽያጭ አገኛችሁ። 66ቱ በዚያው ቀን ገዙ። 24ቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን፣ 16ቱ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው፣ 9ኙ ከስምንተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ገዙ። የቀሩት 5 ሰዎች ከዚያ በኋላ መጡ።

አሁን 66ቱን ከስሌቱ አውጧቸው። እነሱ ሳይወጡ የገዙ ናቸው፣ የሚያስታውሳቸው አላስፈለጋቸውም። ይህን መቀነስ ብዙ ሰው ይረሳል፤ ሳይቀንስም «ገዢዬ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚወስነው» ብሎ ይደመድማል። ሄደው የተመለሱት 54 ናቸው። ከ54ቱ 40ው በሰባት ቀን ውስጥ ተመልሰዋል። በ14 ቀን ውስጥ የተመለሱት ደግሞ 49 ናቸው፣ ከመቶ 91 ያህሉ ማለት ነው። 14 ቀን ያልኩት ለዚህ ነው። ከተመላሾቹ ከመቶ 90 ያህሉን የሚይዘውን ቀን ፈልጉና እዚያ ላይ ቁረጡ። ለቀሩት 5 ሰዎች ሲባል ላልገዙት ሺዎች ሌላ አምስት ወር ተኩል ማስታወቂያ ማሳየት አያዋጣም፤ ገንዘብም ስምም ይበላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር ልግባ፣ የእናንተም ችግር ግማሹ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የሊስቱ ቀን የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉብኝት አይደለም። ሰውየው የሊስቱን ደንብ የሚያሟላ ገጽ በከፈተ ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። አሁን አስቡት። ሰውየው ስልኩን ሲነካካ ሳያስበው የሪታርጌቲንግ ማስታወቂያችሁን ነካው። የወንበሩ ገጽ ተከፈተ። በሁለት ሰከንድ ዘጋው። ለሲስተሙ ግን ይህ አዲስ ጉብኝት ነው፣ ስለዚህ ሌላ 180 ቀን ተሰጠው። ማስታወቂያው ራሱን በራሱ እየቀለበ ይኖራል። 14 ቀን ብላችሁ ብትወስኑ እንኳ ይህ ቀዳዳ ካልተደፈነ አንዳንዱ ሰው ከሊስቱ መቼም አይወጣም።

መድፈኛው ቀላል ነው። በሪታርጌቲንግ ማስታወቂያዎቻችሁ ሊንክ ላይ ብቻ አንድ ምልክት ጨምሩ። ጉግል ላይ `Final URL suffix` በሚለው ቦታ፣ ሜታ ላይ `URL parameters` በሚለው ቦታ `utm_campaign=rt` ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የሊስቱን ደንብ እንዲህ አድርጉት፦

```
URL contains          /product/
URL does not contain  utm_campaign=rt
```

ሁለቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው፤ «ወይም» ሆነው ከተቀመጡ ምንም ጥቅም የላቸውም። `/product/` በሚለው ፋንታ የራሳችሁን የምርት ገጽ አድራሻ አስገቡ። እንዲህ ሲሆን በማስታወቂያው በኩል የገባ ሰው በዚያ ገጽ ብቻ ቆጠራው አይታደስለትም። ገብቶ ሌላ ወንበር ከከፈተ ግን ሁለተኛው ገጽ ምልክቱ ስለሌለው ይታደስለታል። ይህ ተገቢ ነው፣ ያ ሰው በእርግጥ ፍላጎት አሳይቷል። ከመተማመናችሁ በፊት ግን ማስታወቂያውን ራሳችሁ ከፍታችሁ አድራሻው ላይ ምልክቱ መኖሩን እዩ። አንዳንድ ድረ ገጽ አድራሻውን ሲያዞር ምልክቱን ይቆርጠዋል።

አሁን ፍሪኩዌንሲው 14 ነው ወዳላችሁት እንምጣ። ፍሪኩዌንሲ ማለት የታየበት ጊዜ ለደረሰው ሰው ሲካፈል ነው፦ 126,000 ለ9,000፣ 14። አማካይ ነው እንጂ አንድ የተለመደ ሰው ያየው ቁጥር አይደለም። ከአሥር ሰው ስምንቱ አምስት አምስት ጊዜ፣ ሁለቱ ደግሞ ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ቢያዩት አማካዩ ያው 14 ነው። የምትሰሙት ጩኸት የነዚያ የሁለቱ ነው። እነሱ ኢንተርኔት ላይ ብዙ የሚቆዩ ሰዎች ናቸው። በጀታችሁ ተርፎ ሊስታችሁ ውስጥ የሚገዛ ሲጠፋ ሲስተሙ ደጋግሞ የሚያገኘው እነሱኑ ነው። ስለዚህ አማካዩን ማውረድ ብቻ አይበቃም፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጣሪያ ያስፈልጋል።

ጣሪያውን እንዲህ አድርጌ እከፍለዋለሁ። 14ቱን ቀን ሦስት ቦታ ቁረጡት፦ ከ1 እስከ 3፣ ከ4 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 14። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በቀን 2 ጊዜ። በቀጣዮቹ አራት ቀናት በቀን 1 ጊዜ። በመጨረሻዎቹ ሰባት ቀናት በሳምንት 2 ጊዜ። ሲደመር 6 እና 4 እና 2፣ በጠቅላላ 12 ነው። የሰው ፍላጎት በየቀኑ እየበረደ ስለሚሄድ ማስታወቂያውም አብሮ ይቀንስ። ከ54ቱ ተመላሾች 24ቱ በሦስት ቀን ውስጥ መጥተው አልነበር? ድግግሞሹ እዚያ ይብዛ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በአንድ ደንብ ሦስት ሊስት ፍጠሩ፣ የ3 ቀን፣ የ7 ቀንና የ14 ቀን። የመጀመሪያው ካምፔን የ3 ቀኑን ሊስት ይያዝ። ሁለተኛው የ7 ቀኑን ሊስት ይያዝና የ3 ቀኑን ያግልል። ሦስተኛው የ14 ቀኑን ይያዝና የ7 ቀኑን ያግልል። ማግለሉን ከረሳችሁ ትናንት የመጣ ሰው ሦስቱም ውስጥ አለ፤ ጣሪያዎቹም በላዩ ላይ ይደማመራሉ። እኔ ከዓመታት በፊት በምሠራለት አንድ ካምፔን ላይ ይህንኑ ስቼ ነበር። ጣሪያውን በየአድ ግሩፑ አስቀምጬ «በቀን 2» ብዬ ተኛሁ፣ ሰዎች ግን ስድስት ጊዜ ያዩት ነበር። ስህተቱን ያወቅኩት ሪፖርት አይቼ ሳይሆን ደንበኛ ስክሪንሾት ልኮልኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ጣሪያን ሁልጊዜ ካምፔን ላይ አስቀምጣለሁ፣ ማግለያዎቹንም ሁለት ጊዜ አያለሁ።

አሁን በጀቱ። በቀን 200 አዲስ ሰው ይመጣል ካላችሁ በመጀመሪያው ክፍል 600፣ በሁለተኛው 800፣ በሦስተኛው 1,400 ሰው አለ። ሁሉም ጣሪያው ድረስ ቢያዩ በቀን 1,200 እና 800 እና 400 ይሆናል፣ ድምሩ 2,400። አሁን ግን በቀን 4,200 ጊዜ እያሳያችሁ ነው፤ 126,000ን ለ30 አካፍሉት። ቢያንስ ከመቶ 43 ያህሉ መሄጃ የለውም ማለት ነው። በእውነቱ ከዚህም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሊስቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በየቀኑ አይገኝም። ይህን ገንዘብ ቀንሱት ወይም አዲስ ሰው ወደሚያመጣው ካምፔን አዙሩት። ሪታርጌቲንጉ ላይ ከተዋችሁት ጣሪያ በማይሠራበት ቦታ ሁሉ እየፈሰሰ ያንኑ ሰው ያገኘዋል።

ጣሪያ የማይሠራበት ቦታ ስል ዋናው ሜታ ነው። ሽያጭን ግብ ባደረገ ካምፔን ውስጥ «ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ አታሳይ» የምትሉበት ቦታ አታገኙም። ጣሪያ የሚገኘው ግቡ ማስተዋወቅ ሆኖ ሲስተሙ ብዙ ሰው ጋ እንዲደርስ ሲታዘዝ ነው። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ መያዣ የሊስቱ ቀንና በጀቱ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱንም ጠበቅ አድርጉ። ለመጨረሻው ክፍል፣ ከ8 እስከ 14 ላሉት፣ በማስተዋወቅ ግብ የተለየ ካምፔን ከፍታችሁ በ7 ቀን 2 ጊዜ ብትሉ ጥሩ ይሠራል፤ እነሱ ጋ የምትፈልጉት ትንሽ ማስታወሻ ነው እንጂ ግፊት አይደለም።

ጉግል ዲስፕሌይ ላይ ጣሪያው በካምፔኑ ሴቲንግ ውስጥ `Frequency management` የሚለው ነው። ራሱ ጉግል እንዲወስን የሚለውን ትታችሁ በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር ቁጥር ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ሪፖርቱ ከጣሪያው በላይ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ጣሪያው የሚቆጥረው በእርግጥ ስክሪን ላይ የታየውን ነው፤ ገጹ ግርጌ ተጭኖ ማንም ያላየው ኢምፕሬሽን አይቆጠርበትም። እዚያው ሳላችሁ `Optimized targeting` የሚለውን አጥፉ። ካልነካችሁት በርቶ ነው የሚመጣው፣ ከሊስታችሁ ውጭ ያሉ ሰዎችንም ይጨምራል። እነሱ አንዳንዴ ብቻ ስለሚያዩ አማካዩን ያወርዱታል፤ ቁጥሩ አምሮ እናንተ ስትደሰቱ የድሮ ጎብኚዎቻችሁ ግን እንደድሮው እየተሳደዱ ነው።

ሁለቱንም መድረክ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አንዱ የሌላውን አይቆጥርም። እዚህ 12፣ እዚያ 12፣ ለሰውየው 24 ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀናት ለአንዱ፣ የቀሩትን ለሌላው እሰጣለሁ። በዚህ ሒሳብ ከሁለት መድረክም ቢሆን 12ቱ 12 ሆኖ ይቀራል። ያም ሆኖ ጣሪያ የሚቆጥረው ሲስተሙ «አንድ ሰው» ብሎ ያወቀውን ነው። በስልኩ አንዴ፣ በላፕቶፑ አንዴ፣ ሳይገባ በሌላ ብራውዘር አንዴ ያያችሁ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ይህን ሙሉ በሙሉ የሚያድን ሴቲንግ የለም። ቁጥሩን ዝቅ አድርጋችሁ የምትጀምሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የገዙትስ? የገዢዎች ሊስት ሠርታችሁ ከሦስቱም ካምፔን ማግለል ግዴታ ነው፣ ይህን ምናልባት አድርጋችሁታል። ታዲያ ለምን ይታያቸዋል? ሦስት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው፣ ፒክሰሉ፣ ማለትም ድረ ገጻችሁ ላይ ያለው የመድረኩ መከታተያ ኮድ፣ ግዢን የሚያውቀው «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ሲከፈት ነው፤ በስልክ ደውሎ የገዛ፣ ወይም በስልኩ አይቶ በቢሮ ኮምፒውተር የከፈለ ሰው ለሲስተሙ ገና አልገዛም። ሁለተኛው፣ ሳፋሪ ብራውዘር ከሌላ ድረ ገጽ የሚመጣ ኩኪን ከ2020 ጀምሮ ይከለክላል፣ ድረ ገጻችሁ በጃቫስክሪፕት ያስቀመጠውንም በ7 ቀን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ገዢነቱ ሊረሳ ይችላል። ሦስተኛው ማንም የማያስተውለው ነው፦ ገዢው ዕቃው የት እንደደረሰ ለማየት ወይም የወንበሩን ልኬት ለማረጋገጥ ሲመለስ የምርት ገጹን ይከፍታል፣ እንደገናም ጎብኚ ሊስት ውስጥ ይገባል፤ የገዢዎች ሊስት ላይ ቀኑ ካለቀበት ወይም ከሌለበት ማስታወቂያው ይመለስበታል።

ለመጀመሪያው መፍትሔው የደንበኞችን ኢሜይልና ስልክ፣ ፈቃዳቸውን የሰጡትን፣ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ወደ መድረኮቹ መጫንና ያንንም ሊስት ማግለል ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው በከፊል ይረዳል። የገዢዎችን ሊስት ቀን ግን እንደ ጎብኚው አታሳጥሩት፤ እዚህ ላይ ትልቁን ቁጥር ተጠቀሙ። ከዚህ በኋላም የሚያመልጥ ይኖራል። ያ ያመለጠ ሰው ግን በ14 ቀን ሊስት ውስጥ ከሆነ ሁለት ሳምንት አይቶት ያበቃለታል። በ180 ቀን ሊስት ውስጥ ከሆነ የገዛውን ወንበር ግማሽ ዓመት ያስተዋውቁለታል።

ለውጡ መሥራቱን የምታውቁት በሪታርጌቲንግ ካምፔኑ ቁጥር እንዳይሆን። ያ ቁጥር ይቀንሳል፣ መቀነሱም ይጠበቃል። እስከ ዛሬ ማስታወቂያውን በዓይኑ ብቻ ያየና በራሱ ጊዜ የገዛ ሰው ለካምፔኑ ተቆጥሮ ነበር፤ ሜታ ካልነካችሁት በቀር በአንድ ቀን ውስጥ አይቶ የገዛውን ወደ ራሱ ይጽፋል። ለሁሉም ሰው ሃምሳ ጊዜ ካሳያችሁ የገዛው ሁሉ «አይቶ ገዛ» ይሆናል። እናንተ ማየት ያለባችሁ የድረ ገጹን ጠቅላላ ሽያጭ ለጠቅላላ አዲስ ጎብኚ ነው። ከለውጡ በፊት አራት ሳምንት፣ ከለውጡ በኋላ አራት ሳምንት። ወቅታዊ ቅናሽ ያለበትን ሳምንት አትደባልቁበት። ያ ምጣኔ ካልወረደ የተቆረጠው ድግግሞሽ ምንም አልሸጠም ነበር ማለት ነው።

ጎብኚያችሁ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ክፍሎቹን አታብዙ። ጉግል ዲስፕሌይ ሊስቱ ውስጥ ባለፉት 30 ቀናት ቢያንስ 100 ንቁ ሰው ካልኖረ ማስታወቂያውን አያሳይም። በቀን 20 ሰው የሚያገኝ ድረ ገጽ የ3 ቀኑ ሊስት 60 ሰው ብቻ ነው፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ያኔ አንድ የ14 ቀን ሊስት፣ በሳምንት 5 ጊዜ፣ በቃ።

ከለውጡ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ሳምንታዊው ፍሪኩዌንሲ የ1–3 ቀን ክፍል ላይ ከ6 በላይ ከሆነ በመጀመሪያ የምትፈትሹት `utm_campaign=rt` የሚለውን ነው። እኔ ካየኋቸው ውስጥ አብዛኛው እዚያ ላይ ነው የሚገኘው፦ ወይ ከአንዱ ማስታወቂያ ተረስቷል፣ ወይ ድረ ገጹ ቆርጦታል። እሱ ደህና ከሆነ የቆየው የ180 ቀን ካምፔን በእርግጥ መቆሙን እዩ።